ጡረታን በአንድ ቼክ

በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ሐበሻ ስድሳን ሲሻገር የሚሰማው ምክር ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ «401ኬህን አውጣው።» ምክሩ ከለቅሶ ቤት ይመጣል፣ ከማኅበር ይመጣል፣ ከሥራ ባልደረባ ይመጣል። ምክንያቱም አብሮ ይነገራል። ሃያ በመቶ ይቆርጡብሃል፣ የቀረው የአንተ ነው። ታክሱ ዛሬም ነገም ያው ስለሆነ ማዘግየት ምንም አይጠቅምህም። ገንዘብ ደግሞ ገንዘብ የሚባለው በእጅ ሲገባ ነው።

ይህን የሚሉት ሰዎች የሚናቁ አይደሉም። በሁለት ሥራ ልጅ ያሳደጉ፣ በዕቁብ ቤት የገዙ፣ ሳንቲም የሚቆጥሩ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን የታክስ ወቅት በመጣ ቁጥር የብዙ ወገኖቼን ወረቀት ስለማይ፣ ይህ ምክር ምን ያህል እንደሚያስከፍል አውቃለሁ። በማኅበረሰባችን ውስጥ በቅን ልብ ከሚሰጡ ምክሮች ሁሉ የዚህን ያህል ውድ የሆነ አላየሁም። ሦስቱም ምክንያቶቹ ሲመረመሩ አይቆሙም፤ ከሁሉ የባሰው ግን «ታክሱ ዛሬም ነገም ያው ነው» የሚለው ነው።

ያው አይደለም። የአሜሪካ የገቢ ታክስ የሚሰላው በዓመት ነው። ከ401ኬ የወጣ ገንዘብ፣ ሲቀመጥ ታክስ ያልተከፈለበት ከሆነ፣ በወጣበት ዓመት እንደ ደመወዝ ይቆጠራል። ሰላሳ ዓመት የተጠራቀመ ገንዘብ በአንድ ዓመት ከወጣ፣ ሕጉ ባለቤቱን የሚያየው በዚያች ዓመት ያን ሁሉ እንደሠራ ሰው ነው። የታክስ እርከኑ ደግሞ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይከብዳል። ለነጠላ ሰው በ2025 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከተቀናሽ በኋላ ያለው የመጀመሪያው 11,925 ዶላር 10 በመቶ ይከፈልበታል። ከዚያ እስከ 48,475 ድረስ 12 በመቶ ነው። ቀጥሎ 22፣ ከዚያ 24 ይሆናል፤ ከ197,300 በላይ ያለው ደግሞ 32 በመቶ ይደርሳል። በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት የሚያወጣ ሰው ታችኛዎቹን እርከኖች በየዓመቱ ደጋግሞ ይጠቀምባቸዋል። በአንዴ የሚያወጣ ሰው የሚጠቀምባቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንዲት ሴት እንውሰድ፤ ዕድሜዋ 66፣ ነጠላ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ የምትኖር፣ ሆስፒታል ስትሠራ ኖራ በ2024 መጨረሻ ሥራዋን የተወች ናት። በ401ኬዋ 240 ሺህ ዶላር አላት። ሶሻል ሴኩሪቲዋ በወር 2,000፣ በዓመት 24 ሺህ ነው። በ2025 ሌላ ገቢ የላትም።

የለቅሶ ቤቱን ምክር ሰምታ ሁሉንም በ2025 አወጣችው እንበል። 240 ሺሁ ሙሉ በሙሉ ገቢ ይሆናል። በዚያ ላይ ከሶሻል ሴኩሪቲዋ 85 በመቶው፣ ማለትም 20,400 ዶላር፣ ታክስ የሚከፈልበት ይሆናል። ከጠቅላላው 260,400 ላይ መደበኛው ተቀናሽ ይነሣል፤ ዕድሜዋ ከ65 በላይ ስለሆነ የሚጨመርላት 2,000 ሲደመርበት 17,750 ነው። ታክስ የሚሰላበት 242,650 ዶላር ይቀራል። የፌዴራል ታክሱ 54,711 ዶላር ይመጣል። ለቨርጂኒያ ደግሞ ወደ 13 ሺህ ዶላር ትከፍላለች። ባጠቃላይ ከ67 ሺህ በላይ ማለት ነው።

አሁን ያቺው ሴት ገንዘቡን በየዓመቱ 24 ሺህ እያደረገች ታውጣ። 2025ን ብንወስድ፣ ከሶሻል ሴኩሪቲዋ ታክስ ውስጥ የሚገባው 6,200 ዶላር ብቻ ነው። ገቢዋ 30,200 ይሆናል። ተቀናሿ አሁን 23,750 ነው፤ ምክንያቱም ዕድሜያቸው 65 ለሞላ ሰዎች ከ2025 እስከ 2028 የተፈቀደው የ6,000 ዶላር ልዩ ተቀናሽ ለእሷም ይደርሳታል። ገንዘቡን በአንዴ ስታወጣ ይህ ተቀናሽ ሙሉ በሙሉ ቀርቶባት ነበር፤ የነጠላ ሰው ገቢ 75 ሺህን ሲያልፍ እየቀነሰ ይሄድና ይጠፋልና። ታክስ የሚሰላበት 6,450 ዶላር ብቻ ቀረ፤ የዓመቱ የፌዴራል ታክሷ 645 ዶላር ነው። ለቨርጂኒያ ጥቂት አስር ዶላር ብትከፍል ነው፤ ግዛቲቱ ሶሻል ሴኩሪቲን ታክስ አታደርግም፣ ገቢያቸው መጠነኛ ለሆነ አረጋውያን ደግሞ 12 ሺህ ዶላር ትቀንሳለች። ልዩ ተቀናሹ ከ2028 በኋላ ቢቀር እንኳ፣ በ2025 እርከን የፌዴራል ታክሷ በዓመት 1,255 ዶላር ገደማ ይሆናል። አሥሩን ዓመት ብንደምረው 10 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው።

ገንዘቡ ያው 240 ሺህ ነው፤ ሴትየዋም ያቺው ናት። በአንደኛው መንገድ ለፌዴራል መንግሥት ብቻ ወደ 55 ሺህ፣ በሌላው ወደ 10 ሺህ ትከፍላለች። እርግጥ በሁለተኛው መንገድ ሒሳቡ ውስጥ የቀረው ገንዘብ ሲያድግ የዕድገቱም ታክስ ስለሚመጣ የአሥር ዓመቱ ድምር ከዚህ ከፍ ይላል። ነገር ግን ባደገ ገንዘብ ላይ ታክስ መክፈልን ማንም እንደ ኪሳራ አይቆጥረውም።

ስለ ሃያ በመቶው ደግሞ ሰዎች የሚሉትን ልንገራችሁ። «ታክሱን ቆርጠውብኛል እኮ፤ ጨርሻለሁ» ይላሉ። ወረቀቱን እንዲያመጡ እጠይቃለሁ። 1099-አር የሚባለው ቅጽ በጃንዋሪ መጨረሻ ይላክላቸዋል። አንደኛው ሣጥን የወጣውን ጠቅላላ ገንዘብ፣ ሁለተኛው ታክስ የሚከፈልበትን፣ አራተኛው የተያዘውን የፌዴራል ታክስ ያሳያል። ሰዉ አራተኛውን ሣጥን አይቶ የደረሰኝ ያህል ያምነዋል። እዚያ ያለው ቁጥር ግን ቀብድ ነው። ሕጉ ከፋዩን ድርጅት 20 በመቶ እንዲይዝ የሚያስገድደው ሰውየው ስንት እንደሚደርስበት አስልቶ አይደለም፤ ድርጅቱ የሰውየውን ሌላ ገቢ አያውቅም። እውነተኛው ሒሳብ የሚወራረደው በኤፕሪል ነው። ከላይ ያነሣናት ሴት ከ240 ሺሁ 48 ሺህ ተይዞባት ነበር። ታክሷ 54,711 ስለሆነ በኤፕሪል ሌላ 6,711 ዶላር ትጠየቃለች፤ የቨርጂኒያው ሳይቆጠር። በዚያን ጊዜ ገንዘቡ አዲስ አበባ ሲሚንቶና ብረት ሆኖ ቢገኝ ምን ሊደረግ ነው?

የባሰው ደግሞ ሐሳቡን የለወጠ ሰው ጣጣ ነው። ገንዘቡን አውጥቶ ከጸጸተ፣ በ60 ቀን ውስጥ አይ.አር.ኤ በሚባለው የግል የጡረታ ሒሳብ ቢያስገባው ሕጉ እንዳልወጣ ይቆጥርለታል። ግን በእጁ የገባው 192 ሺህ ነው፤ 48 ሺሁ አይ.አር.ኤስ ዘንድ ነው ያለው። 240 ሺሁን ሙሉ ለመመለስ የጎደለውን 48 ሺህ ከሌላ ኪሱ ማሟላት አለበት። ካላሟላ ያ 48 ሺህ እንደወጣ ገንዘብ ተቆጥሮ ታክስ ይከፈልበታል። 48 ሺህ ዶላር በኪሱ ያለው ሰው ደግሞ መጀመሪያውኑ 401ኬውን ለማውጣት ባልቸኮለ ነበር።

ይህን ጣጣ ሁሉ የሚያስቀረው አንድ ምርጫ ነው። ከሥራ ሲለቁ የሚሞላው ቅጽ ላይ ገንዘቡ ለማን እንደሚከፈል የሚጠይቅ ክፍል አለ። ለራስ ከተባለ 20 በመቶ ይያዛል። ቀጥታ ሮልኦቨር ከተባለ ቼኩ በአዲሱ ሒሳብ ጠባቂ ድርጅት ስም ይጻፋል፤ የባለቤቱ ስም ለእሱ ጥቅም መሆኑን ለማመልከት ብቻ ከሥር ይሰፍራል። አንዳንዴ ይህ ቼክ በፖስታ እቤት ድረስ ስለሚመጣ ሰዉ ይደናገጣል። የተጻፈው በድርጅቱ ስም እስከሆነ ድረስ ግን ገንዘቡ እንደወጣ አይቆጠርም፤ ምንም ታክስ አይያዝም። ዓመቱ ካለቀ በኋላ 1099-አር ይመጣል፤ በሰባተኛው ሣጥን «ጂ» የሚል ምልክት ይኖርበታል። ያን ምልክት ማየት ጥሩ ነው።

ከሰሞኑ ደግሞ አንድ ሌላ ወሬ ተጨምሯል። ሶሻል ሴኩሪቲ ከእንግዲህ ታክስ የለበትም ይባላል። በጁላይ 2025 የጸደቀው ሕግ ያመጣው ቀደም ብዬ የጠቀስኩትን የ6,000 ዶላር ተቀናሽ ነው። ብዙ ጡረተኛ በዚህ ተቀናሽ ምክንያት በሶሻል ሴኩሪቲው ላይ ምንም ሳይከፍል ይቀራል፤ ይህ እውነት ነው። ሶሻል ሴኩሪቲን ታክስ የሚያደርገው ደንብ ግን አልተነካም። ደንቡ ሌላውን ገቢ ወስዶ የሶሻል ሴኩሪቲውን ግማሽ ይጨምርበታል። ድምሩ ለነጠላ ሰው 25 ሺህን፣ ለባልና ሚስት 32 ሺህን ካለፈ ታክሱ ይጀምራል። በ34 ሺህና በ44 ሺህ ደግሞ ይጠነክራል፤ እስከ 85 በመቶው ሶሻል ሴኩሪቲ ታክስ ውስጥ ይገባል። የታችኞቹ ወሰኖች በ1983፣ የላይኞቹ በ1993 የወጡ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ለዋጋ ንረት ተብሎ አንድ ዶላር አልተጨመረባቸውም። በ1983 ሀብታምን ለመንካት የተሰመረ መስመር ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ተቆጣጣሪውን ይነካል። ይህ ግፍ ነው ቢባል እስማማለሁ። ግን ገንዘብን በአንዴ ማውጣት የግፉን በትር ራስን አጎንብሶ መቀበል ነው።

ሜዲኬር ላይ የሚመጣውን ደግሞ ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም። የሜዲኬር ክፍል ቢ ወርኃዊ ክፍያ በ2025 ለብዙው ሰው 185 ዶላር ነበር። በዚያ ዓመት የነጠላ ሰው ገቢ ከ106 ሺህ፣ የባልና ሚስት ከ212 ሺህ ሲያልፍ ግን ጭማሪ ይመጣ ነበር፤ የሚታየውም የዛሬ ሁለት ዓመት ገቢ ነው። የእኛ ሴት በ2025 ያሳየችው 260 ሺህ በ2027 ይጠብቃታል። በ2025 ዋጋ ብናሰላው፣ በዚያ የገቢ ደረጃ ያለ ሰው ለክፍል ቢ በወር 591 ዶላር ከ90 ሳንቲም ይከፍላል። የመድኃኒቱ ክፍልም 78 ዶላር ከ60 ይጨምራል። የዓመቱ ጭማሪ ከ5,800 ዶላር በላይ ነው። ክፍያው ከሶሻል ሴኩሪቲዋ ላይ በቀጥታ ስለሚቆረጥ የምታውቀው ገንዘቧ ሲያንስ ነው። ይግባኝ ትላለች። የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት እንደ ትዳር ጓደኛ ሞት፣ ፍቺ፣ ሥራ ማቆም ያሉ ምክንያቶችን ይቀበላል። በፈቃድ በአንዴ ያወጡትን የጡረታ ገንዘብ ግን ከምክንያቶቹ አይቆጥርም።

አሁን ወደ ጠንካራው የተቃዋሚ ክርክር ልምጣ። አንድ ጋሼ የሚሉትን ሰው ይህን ሁሉ አስረድቼው ሲያበቃ፣ «ልጄ፣ አንተ ትርፍ ቤት ሲወረስ አላየህም» አለኝ። መልሱን ማሳነስ አልፈልግም። በ1967 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር፣ አዋጅ ቁጥር 47 ሲታወጅ በአንድ ቀን ቤቱን ያጣ ሰው ልጅ ወረቀት ላይ ያለን ገንዘብ ባያምን አይፈረድበትም። ነገር ግን እዚህ ያለው የሕግ አቀማመጥ ሌላ ነው። የ401ኬ ገንዘብ በአደራ ሒሳብ ከአሠሪው ንብረት ተለይቶ ይቀመጣል፤ አሠሪው ቢከስር አበዳሪዎቹ አይነኩትም። ይህን ጥበቃ ያቆመው ሕግ የተፈረመው በሴፕቴምበር 2 ቀን 1974 ነው፤ ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ አሥር ቀን ሲቀር መሆኑ ነው። የገበያ ውጣ ውረድ የሚያስፈራው ሰው ቢኖር ደግሞ ፍርሃቱ ልክ ነው፤ መፍትሔው ግን ከሒሳቡ ሳይወጣ እዚያው ውስጥ ወደ ረጋ መዋዕለ ንዋይ ማዛወር ነው። በሒሳቡ ውስጥ አክሲዮን ሸጦ ቦንድ መግዛት ታክስ አያመጣም።

«ብሞትስ?» የሚሉም አሉ። ገንዘቡ ለተመዘገበው ወራሽ ይተላለፋል። የትዳር ጓደኛ የራሱ ሒሳብ አድርጎ ሊይዘው ይችላል፤ ልጅ ደግሞ በአብዛኛው በአሥር ዓመት ውስጥ አውጥቶ ይጨርሰዋል። እዚህ ላይ የማሳስበው የወራሽ ቅጹን ነው። ከኑዛዜ በላይ የሚሠራው እሱ ነው፤ ከሃያ ዓመት በፊት በተሞላ ቅጽ ላይ የቀድሞ ሚስት ስም እስከዛሬ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ቀሪው ክርክር የቤት ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ልቤም ከሰዎቹ ጋር ነው። አገር ቤት ገብቶ በራስ ጣሪያ ሥር ማረፍ የሚፈልግን ሰው ገንዘብህን በየዓመቱ በማንኪያ ቅዳው ማለት ቀላል አይደለም። ግን ቤት መሥራት ማለትም ገንዘቡን በአንድ ዓመት ማውጣት ማለት አይደለም። ያቺው ሴት ለቤት 100 ሺህ ዶላር ፈለገች እንበል። ሁሉንም በዲሴምበር 2025 ብታወጣው የዓመቱ የፌዴራል ታክሷ 16,776 ዶላር ይደርሳል፤ ገቢዋም 106 ሺህን ስለሚያልፍ የሜዲኬር ጭማሪ ይከተላታል። 50 ሺሁን በዲሴምበር፣ ሌላውን 50 ሺህ በጃንዋሪ ብታወጣስ? በእያንዳንዱ ዓመት የሚመጣባት ወደ 5,360 ዶላር ነው፤ የ2026ቱን እርከን ከ2025 ጋር አንድ ነው ብለን ብናሰላ የሁለቱ ድምር 10,720 ገደማ ይሆናል። የ6,000 ዶላሩ ልዩ ተቀናሽም በሁለቱም ዓመት ሙሉ ይሰጣታል፤ የሜዲኬሩ ጭማሪም አይነካትም። በጥቂት ሳምንት ልዩነት 6 ሺህ ዶላር በኪሷ ቀረ። ቤት የሚሠራ ሰው ደግሞ ያውቀዋል፤ መሠረቱና ጣሪያው በአንድ ወር አይከፈልም። ክፍያውን ከግንባታው ጋር ሦስት ዓመት ላይ ማከፋፈል ለታክሱም ለኮንትራክተሩ ቁጥጥርም ይጠቅማል። አገር ቤት ባለ ባንክ የሚቀመጠው ገንዘብ በዓመቱ ውስጥ በአንድ ቀን እንኳ ከ10 ሺህ ዶላር ካለፈ፣ የአሜሪካ ነዋሪ በየዓመቱ ማሳወቅ እንዳለበት ግን አይረሳ፤ ታክስ ባይኖረውም የማሳወቅ ግዴታው አለ።

ጠቅልሎ አገሩ ለሚገባም አንድ ነገር ልጨምር። ዜግነት ያለው ሰው የትም ቢኖር ለአሜሪካ ታክስ ያስገባል። ግሪን ካርዱን መልሶ የሄደ ሰው ደግሞ ነገሩ ይከብደዋል። በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የገቢ ታክስ ስምምነት ስለሌለ፣ ከፋዩ ድርጅት በመደበኛው 30 በመቶ ቀንሶ ነው የሚልክለት። እዚህ እያለ የነበረው መደበኛ ተቀናሽም ይቀርበታል።

እስካሁን የተከራከርኩት ከ«አውጣው» ባዮች ጋር ነው። ከወዲያኛው ወገን ያሉት፣ ክራቫት ያሰሩት፣ «እስከ 73 ዓመትህ ንክች አታድርገው» የሚሉት አማካሪዎችም አያሳምኑኝም። ሕጉ በግድ ማውጣት የሚያስጀምረው በ73 ነው፤ በ1960ና ከዚያ በኋላ ለተወለደ በ75። እስከዚያ መጠበቅ የሚመስለውን ያህል ብልህነት አይደለም። በ63 ዓመቱ ሥራ ያቆመን ነጠላ ሰው አስቡ፤ ሶሻል ሴኩሪቲውን እስከ 70 ሊያዘገይ ወስኗል፤ ከሙሉ ጡረታ ዕድሜ በኋላ በየዓመቱ 8 በመቶ ይጨመርለታልና። በእነዚያ ዓመታት ገቢው ባዶ ነው። በ2025 ዋጋ 15,750 ዶላር ያለ ምንም ታክስ ማውጣት ይችላል። 27,675 ቢያወጣ የፌዴራል ታክሱ 1,192 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነው። ያልተጠቀመበት ተቀናሽ ወደ ሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም፤ ዲሴምበር 31 ሲያልፍ አለፈ። አማካሪው ገንዘቡ እንዳይነካ የሚፈልግበት ምክንያት አንዳንዴ ክፍያው ከሒሳቡ መጠን ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው፤ ሁሉም ነው አልልም፣ መጠየቅ ግን መብት ነው። ባልና ሚስት ከሆኑ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አንዳቸው ሲሞቱ የቀረው በነጠላ እርከን ነው የሚከፍለው፤ አብረው እያሉ በሰፊው እርከን ማውጣቱ ይሻላል። ዕድሜው 65 ያልሞላና የጤና መድኅኑን በመንግሥት ድጎማ የሚገዛ ሰው ግን የሚያወጣው ገንዘብ ድጎማውን እንዳይነካበት መጀመሪያ ያንን ያስላ።

«ሁሉንም ወደ አይ.አር.ኤ አዛውር» የሚለው የአማካሪዎች ምክርም ሜሪላንድ ሲደርስ ይሰናከላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ወገን ስላለን ይህን ዘርዘር ላድርገው። ሜሪላንድ ዕድሜው 65 ለሞላ ነዋሪ ከጡረታ ገቢው እስከ 40 ሺህ ዶላር ገደማ ከግዛት ታክስ ነፃ ታደርጋለች፤ የተቀበለው ሶሻል ሴኩሪቲ ከዚያ ላይ ይቀነሳል። ሶሻል ሴኩሪቲው 24 ሺህ የሆነ ሰው ስለዚህ ወደ 16 ሺህ ዶላር የሚሆን የጡረታ ገንዘቡ ነፃ ይወጣለታል። ግን ገንዘቡ በአሠሪው 401ኬ ውስጥ እያለ ሲወጣ ነው ይህ የሚሠራው። ወደ አይ.አር.ኤ ከተዛወረ በኋላ የሚወጣ ገንዘብ ነፃነቱን ያጣል፤ ከየት እንደመጣ አይጠየቅም። ያው ገንዘብ ነው፤ ቤቱን ስለቀየረ ብቻ የግዛት ታክስ ይጣልበታል። ሜሪላንድ የሚኖር ሰው ከማዛወሩ በፊት የአሠሪው ዕቅድ በየጊዜው በከፊል ለማውጣት ይፈቅድ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ከፈቀደ እዚያው ይቆይ። አንዳንድ ዕቅድ ወይ ሁሉንም ውሰድ ወይ ተወው ይላል፤ እንዲህ ከሆነ አይ.አር.ኤው ይሻላል፤ ምክንያቱም በአንዴ ማውጣት ከግዛቱ ታክስ በጣም የበለጠ ያስከፍላል።

በአንዴ ማውጣት ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሒሳቡ ውስጥ ያለው 8 ሺህ ወይም 10 ሺህ ዶላር ከሆነ፣ ሌላም ገቢ ከሌለ፣ መደበኛው ተቀናሽ ሊሸፍነው ይችላል። 25 በመቶ ወለድ የሚበላው የክሬዲት ካርድ ዕዳ ያለበትም ሰው ዕዳውን የሚያህል ቢያወጣ አልከራከረውም። ጠና ያለ ሕመም የያዘውንም ስለ ታክስ እርከን አላስተምረውም። እነዚህ ግን ልዩ ጉዳዮች ናቸው፤ የማኅበረሰባችን ምክር ልዩ ጉዳዮቹን ደንብ አድርጎ ነው የያዘው።

እንግዲህ ጡረታችሁ የቀረበ፣ ከመፈረማችሁ በፊት የዕቅዱ አስተዳዳሪ ጋር ደውሉና ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ሥራ ከለቀቅሁ በኋላ በከፊል፣ በየዓመቱ ማውጣት ትፈቅዳላችሁ? ሁለተኛ፣ ካልፈቀዳችሁ ለቀጥታ ሮልኦቨር የሚሞላው ቅጽ የትኛው ነው? ስልኩ ላይ የአማርኛ አስተርጓሚ ይኖራቸው እንደሆነም ጠይቁ፤ ከሌላቸው ልጃችሁን ወይም የሚያግዛችሁን ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡ። ቼኩ በእናንተ ስም ከመጻፉ በፊት ሁሉም ነገር ይስተካከላል። ከተጻፈ በኋላ ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው።